«አልገባም፣ ይድገሙት»፦ ሁለቴ የተከፈለ የፍሪጅ ዋጋና የአንድ ባለሱቅ ደብዳቤ

መነሻ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጥቂት ሱቆችን ሂሳብ እይዛለሁ። ከእነሱ አንዱ የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ባለፈው ጥር በዚህ ሱቅ አንድ ደንበኛ የአንድ ፍሪጅ ዋጋ ሁለቴ ከፈሉ። ገንዘቡ በስድስተኛው ቀን ተመለሰላቸው። ግን በመካከሉ ሱቁ ስሙን ሊያጣ ትንሽ ነበር የቀረው። ያዳነው አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን አብረን ስለጻፍነው፣ ከሁለቱም ወገን ፈቃድ ጠይቄ ጉዳዩን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። የሰውም የባንክም ስም አልጠቅስም።

ጥር 9 ምን ሆነ

ደንበኛው ከቢቸና የመጡ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በቤተሰባቸው ሠርግ ነበረባቸውና ፍሪጁን ለዚያ ፈለጉት። ዋጋው 46,800 ብር ነበር። ተስማሙ፣ የማሽን ደረሰኝ ተቆረጠ። ዕቃውን የሚጭነው አይሱዙም በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

ሱቁ በሁለት ባንኮች ሂሳብ አለው። የሁለቱም ቁጥር ካውንተሩ ላይ ተለጥፏል። መምህሩ ከስልካቸው ላኩ። ሳያስተውሉት የላኩት የእሳቸው ባንክ ወዳልሆነው ሂሳብ ነበር። ስልኩ ሲያሽከረክር ቆየና «እንደገና ይሞክሩ» የሚል ነገር አወጣ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ኔትወርኩ ያን ቀን ሄድ መጣ ይል ነበር።

ገንዘብ ተቀባይዋ የሱቁን ስልክ እያየች ጠበቀች። የገቢ መልእክት የለም። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አስር ሆነ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ አልገባም፤ እስኪ ይድገሙት። በዚህኛው ቢያደርጉት ይሻላል» አለችና ሁለተኛውን ቁጥር አሳየቻቸው። ይኼኛው የራሳቸው ባንክ ነበር። ወዲያው ገባ። ፍሪጁ ተጫነ፣ መምህሩም ሄዱ።

ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ስልካቸው ላይ የገባው መልእክት ሁለት ነው። ሁለቱም «ከሂሳብዎ ወጪ ሆኗል» ይላሉ። አንደኛው ላይ ደግሞ ከ46,800 በላይ ትንሽ ጭማሪ አለ። ይህ ጭማሪ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያና በላዩ የሚታሰበው ቫት ነው።

የመጀመሪያው መልስ

በማግስቱ ከተራ ነበር። መምህሩ ጠዋት ደወሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ የሱቁን ስልክ አይታ «እኛ ጋ የገባው አንድ ብቻ ነው» አለች። ውሸት አልተናገረችም። ከሰዓት በኋላ መልሰው ሲደውሉ ግን ባለሱቁ ለታቦቱ ሊወጣ ሲጣደፍ ነበርና በአጭር መልእክት ጨረሰው። ቃሉ ይህ ነው፦

«ሰላም። ያዩት ሁለተኛ ክፍያ እኛን አይመለከትም። ባንክዎን ይጠይቁ። ከኛ ጋር የቀረ ሂሳብ የለም።»

ይህን መልእክት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ሦስቱም ችግር አለባቸው። «እኛን አይመለከትም» የሚለው ባለሱቁ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ቆርጦ ይናገራል። «ባንክዎን ይጠይቁ» ሰውየው ባንክ ሲሄዱ ምን ይዘው፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁ አይነግራቸውም። «የቀረ ሂሳብ የለም» የሚለው ደግሞ በሩን ይዘጋል። ያ ገንዘብ ነገ ቢገባስ?

በጥምቀት ዕለት ወሬው ቢቸና ደረሰ። «እዚያ ሱቅ ሁለቴ ያስከፍላሉ» ተባለ። ባለሱቁ ይህን የሰማው ከእዚያው አካባቢ ከሚመጣ ሌላ ደንበኛው ነው። ጥር 12 ጠዋት ጠራኝ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «46,800ውን ከኪሴ አውጥቼ ልስጣቸውና ይብቃኝ» አለ።

ገንዘቡ የት ሊሆን ይችላል

ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር እንይ አልኩት። አንድ ሰው ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲልክ፣ የላኪው ባንክ መጀመሪያ ከላኪው ሂሳብ ይቀንሳል። ከዚያ መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ባንኮቹን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደ ተቀባዩ ባንክ ይሄዳል። ተቀባዩ ባንክ ሂሳቡ ላይ ያስገባና «ገብቷል» ብሎ ይመልሳል። ኔትወርክ በመካከል ቢቋረጥ፣ የላኪው ባንክ ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ቀንሷል፣ መልስ ግን አልመጣለትም። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ባንኮቹ ሂሳባቸውን እስኪያስታርቁ ድረስ በማቆያ ሂሳብ ላይ ይቀመጣል።

ሲታረቅ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ወይ ዘግይቶ ወደ ተቀባዩ ይገባል። ባለሱቁን ከኪሱ እንዳይሰጥ ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ሙሉውን ሰጥቶ ነገ ባንኩ ለመምህሩ ቢመልስላቸው፣ ገንዘቡ ሁለቴ ይመለሳል። ያኔ ጠያቂው ባለሱቁ፣ ተጠያቂው መምህሩ ሊሆኑ ነው። ያ ደግሞ ሌላ ጠብ ያመጣል።

የት እንዳለ የሚነግረን ደግሞ የስልክ መልእክት አይደለም፤ የባንክ ስቴትመንት ነው። መልእክት ሊዘገይ፣ ጭራሽም ላይመጣ ይችላል። ቅርንጫፍ ሄደን ከጥር 9 እስከ 12 ያለውን የአንደኛውን ሂሳብ ስቴትመንት አወጣን። የመምህሩ ገንዘብ የለም። ሁለተኛው ሂሳብ ላይ አንድ 46,800 ጥር 9 ገብቷል። ሁሉንም አይተን ስናበቃ አንድ ነገር ብቻ በእርግጠኝነት ማለት ቻልን፦ «እስከ ዛሬ ጠዋት አልገባም።» ይህና «እኛን አይመለከትም» የሚለው በጣም ይራራቃሉ።

ደብዳቤው

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ጻፍነው። እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ አስብ ነበር። ባለሱቁ ይቅርታው ከላይ እንዲሆን አጥብቆ ፈለገ፤ እሱ ነበር ልክ። የሂሳብ ቁጥሮችና የማመሳከሪያ ቁጥሮችን አውጥቼ ሌላውን እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

> ጥር 12
>
> ለተከበሩ መምህር
> ቢቸና
>
> ጉዳዩ፦ ጥር 9 ሁለቴ ስለተከፈለው የፍሪጅ ዋጋ
>
> መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ከሁሉ በፊት ጥር 10 ለላክሁልዎ አጭር መልእክት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሳላጣራ ነው የመለስኩት።
>
> የሆነው እንዲህ ነው። ጥር 9 ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ 46,800 ብር ወደ አንደኛው ሂሳባችን ላኩ። የገቢ መልእክት ስላልደረሰን ሠራተኛዬ እንዲደግሙት ጠየቀችዎ። ሁለተኛውን ወደ ሌላኛው ሂሳባችን ላኩ፤ ወዲያው ገባ። እንዲደግሙት የጠየቅነው እኛ ነን። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።
>
> የገዙት አንድ ፍሪጅ ነው፤ የተቆረጠውም ደረሰኝ አንድ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ክፍያ አንዱ የእርስዎ ገንዘብ ነው።
>
> ዛሬ ጠዋት የሁለቱንም ሂሳቦች ስቴትመንት አውጥቼ አይቻለሁ። ሁለተኛው ክፍያ ገብቷል። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ጠዋት አልገባም። ገንዘቡ በሁለቱ ባንኮች መካከል ቆሞ ሊሆን ይችላል። ወይ ወደ እርስዎ ይመለሳል፣ ወይ ወደ እኔ ይገባል።
>
> እኔ የማደርገው፦ ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ስቴትመንት አያለሁ። የታየውን በዚያው ቀን ደውዬ እነግርዎታለሁ፤ ባይገባም እደውላለሁ። ወደ እኔ ከገባ በዚያው ቀን፣ ገንዘቡ ወደ ወጣበት ወደ ራስዎ ሂሳብ እመልሳለሁ። የአገልግሎት ክፍያውንም እኔ እከፍላለሁ።
>
> እርስዎ እንዲያደርጉልኝ የምለምንዎ፦ ይህን ደብዳቤ፣ ስልክዎ ላይ የገቡትን ሁለቱን መልእክቶችና ስቴትመንትዎን ይዘው ባንክዎ ይሂዱና የቅሬታ ፎርም ይሙሉ። የመጀመሪያውን ክፍያ የማመሳከሪያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይንገሯቸው። መልእክቶቹን ከስልክዎ አያጥፏቸው።
>
> ፒን ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ። እኔም ሆንኩ ባንኩ አንጠይቅዎትም።
>
> ለሠርጉ ገንዘቡ እንደሚያስፈልግዎ አውቃለሁ። ነገሩ እስኪጠራ 15,000 ብር በቅድሚያ ልሰጥዎ ዝግጁ ነኝ። ተፈራርመን እንይዘዋለን፤ ኋላ ከተመላሹ ይታሰባል።
>
> አክባሪዎ፣
> ባለሱቁ (ፊርማና ማህተም)

ደብዳቤውን በፖስታ አድርገን ወደ ቢቸና ለሚሄድ ሚኒባስ ረዳት ሰጠነው። ፎቶውን ደግሞ ለመምህሩ ልጅ በቴሌግራም ላክን።

ከዚያ በኋላ

ጥር 13 መምህሩ ደብዳቤውን ይዘው ባንካቸው ሄዱ። ማህተም ያለበት መሆኑ ረዳቸው። ሠራተኛዋ ሁለቱን ክፍያዎች ለይታ ያየችው ከደብዳቤው ነው፤ ቅሬታውን በዚያው ሞላችላቸው። ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል ተባሉ። በዚያው ቀን 15,000 ብሩን ባለሱቁ ላከላቸው። የተቀበሉበትን ወረቀት ፈርመው በልጃቸው በኩል ሰደዱ።

ጥር 13 አልገባም፤ ተደወለ። ጥር 14 አልገባም፤ ተደወለ። የጥር 14ቱ ስልክ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «መምህር፣ ዛሬም የለም፤ ነገ አያለሁ።» «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ጥር 10 በቁጣ የተዘጋው ስልክ እንዲህ ሆነ።

ጥር 15 ጠዋት ስቴትመንቱ ላይ 46,800 ብር ተገኘ። ጥር 14 ማታ ነው የገባው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የገቢ መልእክት አልመጣም። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አልመጣም። ባለሱቁ እንደ መጀመሪያው ስልኩን ብቻ እያየ ቢቀመጥ ኖሮ፣ የሰው ገንዘብ ሂሳቡ ላይ ተቀምጦ «አልገባም» እያለ ይኖር ነበር። ቆይቶ ባንኩ «ለሱቁ ገብቷል» ብሎ ለመምህሩ መልስ ሲሰጥ የሚሆነውን ማሰብ አይከብድም።

ተመላሹ እንዲህ ተሠራ። ከ46,800 ላይ 15,000 ተቀነሰ፤ 31,800 ቀረ። በዚህ ላይ በመምህሩ መልእክት ላይ የታየው የአገልግሎት ክፍያ ከነቫቱ ተጨመረ። ሲላክ የምክንያት ቦታው ባዶ አልተተወም፤ «የጥር 9 ድርብ ክፍያ ተመላሽ» ተብሎ ተጻፈበት።

ከመላኩ በፊት ግን አንድ ስልክ ተደውሎ ነበር። የመምህሩ ልጅ ነኝ ያለ ሰው «በእኔ ሂሳብ አስገባው፣ አባቴ ባንክ ድረስ አይንገላታ» አለ። እውነትም ልጃቸው ነበር፣ ክፋትም አልነበረውም። ባለሱቁ ግን እንቢ አለ። ገንዘቡ ከወጣበት ሂሳብ ውጭ ቢልክ፣ የመለሰ መሆኑን የሚያሳይ ነገር በእጁ አይኖርም። መጀመሪያ ልጁን ቅር አለው፤ ሲነገረው ግን ገባው።

የመጨረሻው ሥራ የመምህሩ ነበር። ጥር 16 ባንካቸው ሄደው ቅሬታውን አዘጉ። ይህን ደብዳቤው ውስጥ ረስተነው በስልክ ነው የነገርናቸው። ቅሬታው ክፍት ቢቀር፣ ባንኩ ፍለጋውን ቀጥሎ ያንኑ ገንዘብ ሁለተኛ ሊመልስ ይችላል።

የሠራውና ያልሠራው

በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ የሠራው «እንዲደግሙት የጠየቅነው እኛ ነን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። መምህሩ ኋላ ሱቁ መጥተው ሲያወሩ ያነሱት እሱን ነው። «ሌባ መስዬ የታየሁት እኔ ነበርኩ። ደብዳቤው ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን ሲነግረኝ ልቤ አረፈ» አሉ። እኛ እሳቸው እኛን የጠረጠሩ መስሎን ነበር። እሳቸው ደግሞ እኛ እሳቸውን አታላይ ብለን የጠረጠርናቸው መስሏቸው ኖሯል። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት እያሳዩ ዕቃ የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ሱቆች ሁሉ ይህን ስለሚፈሩ አነጋገራቸው ይሻክራል።

ሁለተኛው የሠራው ነገር ባዶ እጅ መደወሉ ነው። «ዛሬም አልገባም» ለማለት መደወል ዋጋ የሌለው ይመስላል። ግን መምህሩ ራሳቸው መደወላቸውን ያቆሙት ከዚያ በኋላ ነው።

ያልሠራም አለ። «በሁለቱ ባንኮች መካከል ቆሞ ሊሆን ይችላል» ያልነውን መምህሩ ባንኩ ገንዘቡን ያገደው አድርገው ተረድተውት ነበር። «በምን ወንጀል?» ብለው ቅርንጫፉ ውስጥ ተቆጥተዋል። «ባንኮቹ እስኪተሳሰቡ ድረስ አልደረሰም» ብንል ይሻል ነበር።

ስቴትመንት ይዘው እንዲሄዱ መጠየቃችንም ትርፍ ድካም ነበር። ስቴትመንቱን ለማውጣት ሰልፍ ቆሙ፣ ከፈሉም። ባንኩ ግን የራሱን መዝገብ ያየዋል፤ የስልኩ መልእክትና የማመሳከሪያ ቁጥሩ ብቻ ይበቃው ነበር። ይህ የእኔ ስህተት ነው።

ስለ ቅድሚያው 15,000 እስካሁን ከባለሱቁ ጋር አንስማማም። እሱ ሙሉውን መስጠት ነበረብኝ ይላል። እኔ ግን ሠርግ ያለበትን ሰው ባዶ እጁን አለማስቀረትና ገንዘቡ ሁለቴ እንዳይመለስ መጠንቀቅ፣ ሁለቱ የተገናኙት እዚያ መጠን ላይ ይመስለኛል። መጠኑ እንደ ደንበኛው ይለያያል። የመንደር ጎረቤት ቢሆን ሙሉውን ስጥ እለው ነበር።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

«አልገባም» ሲባል ወዲያው «ድገሙት» አይከተለው። መጀመሪያ ደንበኛው በስልኩ ቀሪ ሂሳቡን ይይ። ከተቀነሰበት ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው፤ መድገም የለበትም። ካልተቀነሰበት ይድገመው። ኔትወርክ ከሌለና ቀሪውን ማየት ካልተቻለ፣ ዕቃውን አስቀምጦ መጠበቅ ወይም በጥሬ ገንዘብ ቀብድ መቀበል ይሻላል። ሹፌሩ ጥሩምባ ይንፋ።

ለደንበኛ የሚጻፍ መልስ የታየውን ከነቀኑ ይናገር። «እስከ ጥር 12 ጠዋት አልገባም» ነገ ገንዘቡ ቢገባ እንኳ ውሸት አይሆንም። «አልገባም» ብቻ ግን ይሆናል። ባለሱቁ የሚያደርገውና ደንበኛው የሚያደርገው ደግሞ ተለያይቶ ይቀመጥ። ሲቀላቀል ሁሉም ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይቀመጣል።

በሂሳብ መዝገብ በኩል፣ ትርፉ 46,800 ሽያጭ ተብሎ አይመዘገብ። ለደንበኛ የሚመለስ ዕዳ ተብሎ ይያዝና ሲመለስ ይዘጋ። ይህ ካልተደረገ በዓመቱ መጨረሻ ባንክ የገባው ከተቆረጠው ደረሰኝ ይበልጣል። የገቢዎች ኦዲተር ደግሞ ልዩነቱን ያለ ደረሰኝ እንደተሸጠ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ለዚህ ጉዳይ የደብዳቤውን ቅጂ፣ የቅድሚያውን ፊርማ፣ ሁለቱን ስቴትመንቶችና የተመላሹን ማረጋገጫ በአንድ ፋይል አስረን አስቀምጠናል።

ካውንተሩ ላይ አሁን የሂሳብ ቁጥሮቹ ተለያይተው ተለጥፈዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ የባንኩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ገንዘብ ተቀባይዋ ከመቀበሏ በፊት «ጋሼ፣ ባንክዎ የትኛው ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ከጎኗ አንድ ደብተር አለ። ያልገባ ክፍያ ሲኖር ስም፣ ሰዓትና የማመሳከሪያ ቁጥር ትጽፍበታለች፤ በየጠዋቱ ከስቴትመንቱ ጋር ታመሳክራለች። ባለፈው ሳምንት ሳየው ሦስት መስመር ተጽፎበት ነበር። ሁለቱ ተሰርዘዋል፤ አንዱ ገና ነው።